ዐሥራ ሁለቱ የኮከብ ቤቶች፦ ከአንደኛው፣ ከሁለተኛውና ከዐሥረኛው እንጀምር

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ቡና እየጠጣን ስልኳን አወጣችና «እዪማ፣ ቬነስ ሁለተኛ ቤቴ ውስጥ ናት። ሁለተኛ ቤት ደግሞ የገንዘብ ነው አሉ። ገንዘብ ይወደኛል አላልኩሽም?» አለችኝ።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። የልደት ሰዓቷ ላይ 2:30 AM ይላል።

«ሌሊት ነው እንዴ የተወለድሽው?»

«ኧረ ጠዋት ነው! ሁለት ሰዓት ተኩል። እማዬ ሁሌ ትነግረኝ የለ።»

ቬነስ ከገንዘብ ቤቷ የወጣችው ያኔ ነው። ሰዓቱን 8:30 AM ብለን ስናስተካክለው ሁለተኛው ቤት ባዶውን ቀረ። ጓደኛዬ ኩርፍ አለች። ፕላኔቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ቬነስ በፊትም ሐመል ውስጥ ነበረች፣ አሁንም እዚያው ናት። የዞረው ቤቱ ነው። ለምን እንደዞረ የገባው ሰው የቤቶችን ነገር ግማሹን ጨረሰ ማለት ነው። ስለዚህ በዚሁ በእሷ ገበታ ላይ እያየን እንሂድ።

ኮከብ ሌላ፣ ቤት ሌላ

«ኮከብሽ ምንድን ነው?» ስንባል አብዛኞቻችን የምንመልሰው በተወለድንበት ቀን ፀሐይ የነበረችበትን ኮከብ ነው። ፀሐይ ከሐመል ተነሥታ ሑት ድረስ ዐሥራ ሁለቱን ለመዞር አንድ ዓመት ይፈጅባታል። አንዱ ጋ አንድ ወር ገደማ ትቆያለች። በዚያ ወር የተወለደ ሁሉ የፀሐይ ኮከቡ አንድ ነው። አዲስ አበባ ይወለድ ቶኪዮ፣ ጠዋት ይሁን ማታ፣ ለውጥ የለውም።

ቤት ግን የዓመቱ ሳይሆን የቀኑ ጉዳይ ነው። ምድር በራሷ ላይ በ24 ሰዓት አንዴ ስትሾር፣ እኛ የምናየው ሰማዩ በምሥራቅ ወጥቶ በምዕራብ ሲገባ ነው። የምትወጣው ፀሐይ ብቻ አይደለችም። ዐሥራ ሁለቱም ኮከቦች በአንድ ቀን ውስጥ ተራ በተራ በምሥራቅ ብቅ ይላሉ። 24 ለ12 ሲካፈል 2 ነው። በየሁለት ሰዓቱ አንድ አዲስ ኮከብ በምሥራቅ ይወጣል ማለት ነው።

ቤቶቹ ባሉበት የቆሙ ናቸው። እንደ ቀበሌ ቤት ቁጥር አስቧቸው፤ ቁጥሩ ከበሩ አይነሣም፣ የሚገባና የሚወጣው ተከራዩ ነው። አንደኛው ቤት ሁልጊዜ ምሥራቅ አድማስ ላይ ነው። ሰባተኛው ምዕራብ። ዐሥረኛው ከላይ፣ አራተኛው ከእግራችን በታች፣ ከምድር ወዲያ። ኮከቦቹና ፕላኔቶቹ በእነዚህ በሮች በኩል ያልፋሉ። እናንተ በተወለዳችሁባት ደቂቃ ሰማዩ «ቀጥ» ቢል፣ ማን የት ቤት ውስጥ ተያዘ? የልደት ገበታ የሚባለው ይኸው ነው።

አሠራሩ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ግብፅ ውስጥ በግሪክኛ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው ያቀናጁት። እኛ አገር በዐውደ ነገሥት የለመድነው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ የስምና የእናት ስም ፊደላት ተቆጥረው፣ ተደምረው፣ በ12 ተገድፈው የቀረው ቁጥር ኮከቡን ይሰጣል። ሰዓትም ቦታም አይጠየቅም። የኮከቦቹ ስም አንድ ስለሆነ ብቻ ሁለቱን ማደባለቅ ግራ ያጋባል፤ በአንዱ አሰድ የሆነ ሰው በሌላው ጀዲ ቢሆን ማንም አልተሳሳተም።

ክቡን ስክሪን ላይ ስታዩ ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ምሥራቅ በግራ ነው፣ ካርታ ከለመደ ዓይን ተቃራኒ። መሐሉን አግድም የሚቆርጠው መስመር አድማሱ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው በዚያች ደቂቃ የሚታየው ሰማይ፣ ከበታች ያለው ገና ያልወጣው ወይም የጠለቀው ነው። የቤቶቹ ቁጥር ከግራው ጫፍ ይነሣና ወደ ታች ይወርዳል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሁሉም ከመሬት በታች ናቸው። ለምን ወደ ታች? ምክንያቱም ቁጥሩ የሚሄደው በመውጫ ተራቸው ነው። አንደኛው አሁን የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ቀጥሎ የሚወጣው። ዐሥራ ሁለተኛው ወጥቶ ያለፈው። ፀሐይ ስትወጣ ታዲያ ከአንደኛው ቤት ተነሥታ ወደ ዐሥራ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ዐሥራ አንደኛው፣ እኩለ ቀን ላይ ወደ ዐሥረኛው ትደርሳለች። ቁጥሩን ወደ ኋላ ነው የምትቆጥረው።

የእኛ ሰዓት ለዚህ ነገር ይመቻል

እዚህ ላይ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር አንድ ጥቅም አለው። ቀናችን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ፣ በ12 ሰዓት አካባቢ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ፀሐይ ያለችበት ኮከብ ራሱ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተወለደ ሰው የሚወጣው ኮከቡም የፀሐይ ኮከቡም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ኮከብ መጨመር ነው። ጠዋት 4 ሰዓት የተወለደ ሁለት ኮከብ ይዘልላል። ቀን 6 ሰዓት የተወለደ ሦስት። ማታ 12 ሰዓት የተወለደ ስድስት፤ የፀሐይ ኮከቡ በምዕራብ እየጠለቀ ትይዩው በምሥራቅ ይወጣል። በጣት የሚቆጠር ነገር ነው።

ጓደኛዬን እንያት። ግንቦት 2 ቀን 1985፣ አዲስ አበባ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። ፀሐይ ያን ቀን ሠውር ውስጥ፣ ከ30 ዲግሪው 19ኛው ገደማ ላይ ነበረች። በግንቦት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አለፍ ሲል ነው። ከዚያ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ከሃያ ምናምን ደቂቃ አለ። አንድ ዲግሪ ለመውጣት 4 ደቂቃ ይፈጃል፣ ስለዚህ 36 ዲግሪ ገደማ ተጉዟል። ከሠውር 19 ላይ 36 ስንጨምር ገውዝ 25 አካባቢ እንደርሳለን። ኮምፒዩተሩ ሲያሰላው ገውዝ 24 አለ። ለጣት ስሌት አይከፋም!

ይህ ቀላል ስሌት የሚሠራው ግን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ እያንዳንዱ ኮከብ ለመውጣት ከ1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሁሉም ሁለት ሰዓትን አይርቁም። ስቶክሆልም ብትሄዱ ሐመል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወጥቶ ያልቃል፣ ሚዛን ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ ይንፏቀቃል። ልጆቻችሁ ስዊድን ወይም ኖርዌይ ከተወለዱ በጣት አትቁጠሩላቸው።

አሁን ጓደኛዬ የሠራችውን ስሕተት እዩት። ሁለት ሰዓት ተኩልን እንዳለ ጻፈችው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 2:30 AM ለእሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት የቀን ሩብ ነው፣ ስለዚህ ገበታው በሩብ ክብ፣ በሦስት ቤት ዞረ። የሚወጣው ኮከብ ከገውዝ ወደ ሑት ተመለሰ። ሑት አንደኛ ሲሆን ሐመል ሁለተኛ ይሆናል፣ ሐመል ውስጥ ደግሞ ቬነስ ተቀምጣለች። ገንዘብ የሚወዳት ሴት የተገኘችው በዚህ ሒሳብ ነው።

ሌላው ወጥመድ ቀኑ ነው። ግንቦት 2 ቀን 1985 በፈረንጅ ሜይ 10 ቀን 1993 ነው። ግንቦት ዘጠነኛ ወራችን ስለሆነ 2/9/1985 ብሎ የሚያስገባ ሰው አለ። ማሽኑ አይከራከርም፤ የሴፕቴምበር 2 ቀን 1985 ሰው ገበታ አውጥቶ ይሰጠዋል። ፀሐይዋ ከሠውር ወጥታ ሰንቡላ ትገባለች። ሦስተኛው ወጥመድ የሌሊት ልደት ነው። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የምንለው፣ ማለትም ለማክሰኞ አጥቢያ፣ በፈረንጅ ማክሰኞ 2:00 AM ነው። እነሱ ቀኑን የሚቀይሩት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በዚህ የተነሣ አንድ ቀን ሙሉ የሚስት ሰው አለ።

አንደኛው ቤት፦ በሩ

በምሥራቅ አድማስ ላይ በዚያች ደቂቃ የምትወጣው ነጥብ ስክሪኑ ላይ ASC ተብላ ትጻፋለች። አንደኛው ቤት የሚቆጠረው ከእሷ ነው። ዛሬ ለጠቅላላው ገበታ «ሆሮስኮፕ» እንላለን፤ ቃሉ ግሪክኛ ነው፣ «ሰዓት ተመልካች» እንደማለት፣ መጀመሪያ የዚህች አንዲት ነጥብ ስም ነበር። ስሙ ያለምክንያት አልወጣላትም። ከገበታው ሁሉ ቶሎ የምትሮጠው እሷ ናት። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመሄድ አንድ ቀን ይፈጅባታል፤ ይህቺ ነጥብ በ4 ደቂቃ ትሄደዋለች። ዐሥር ደቂቃ ተለያይተው የተወለዱ መንታዎች ፕላኔቶቻቸው ሁሉ አንድ ሆነው ይህቺ ብቻ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ትለያያለች።

አንደኛው ቤት ሰውዬው ራሱ ነው። ገላው፣ መልኩ፣ ጤንነቱ፣ አቋሙ፣ ከሰው መሐል ሲገባ መጀመሪያ የሚታይለት ነገር። «ጠባይ» ብቻ አድርገው የሚያስተምሩ አሉ፣ እኔ ግን ገላውን አስቀድማለሁ። ጥንት ይህን ቤት ያዩ የነበረው ልጁ ያድጋል ወይ፣ ሰውነቱ ይጸናል ወይ ብለው ነው።

የአንድ ቤት ነገር በሦስት ጥያቄ ይታያል። እዚህ ቤት ምን ኮከብ አለ? ውስጡ የተቀመጠ ፕላኔት አለ? የኮከቡ ባለቤት የት ሄዷል? ጀማሪ ሁለቱን አይቶ ሦስተኛውን ይዘለዋል። ነገሩ ያለው ግን እዚያ ነው። ባለቤት የሚባለው እንዲህ ነው፤ ፀሐይ የአሰድ፣ ጨረቃ የሸርጣን ባለቤት ናቸው። ሜርኩሪ ገውዝንና ሰንቡላን፣ ቬነስ ሠውርንና ሚዛንን፣ ማርስ ሐመልንና ዐቅራብን፣ ጁፒተር ቀውስንና ሑትን፣ ሳተርን ጀዲንና ደለዊን ይይዛሉ። በቀድሞ መጻሕፍታችን እነዚህ ፕላኔቶች አጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪ፣ ዙሐል ይባላሉ፤ እኔ ስልካችሁ ላይ በምታዩት ስም እሄዳለሁ።

ጓደኛዬ አንደኛ ቤቷ ገውዝ ነው። ውስጡ ማንም የለም። ባለቤቱ ሜርኩሪ ደግሞ ሠውር ውስጥ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ቤት ገብቷል። ገበታ አንባቢው እንዲህ ይላል፦ በሩ ላይ ያለው ገውዝ ስለሆነ ስትታይ ተናጋሪ፣ ፈጣን፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ናት። ባለቤቱ ግን የተሰወረው ቤት ውስጥ ስለሆነ የልቧን ወሬ አታወጣም፤ ሥራዋን ብቻዋን፣ ከዓይን ራቅ ብላ ትወዳለች። ጓደኛዬ «ልክ እኔ!» አለች። እኔም ልክ ናት ልል ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ «ተጫዋች ናት፣ የልቧን ግን አታወጣም» ቢባል ስንቶቻችን ነን አይደለሁም የምንል?

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሾን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው በ1985 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጣው ፈተና አለ። ኮከብ ቆጣሪዎች የማያውቁት ሰው ገበታ ተሰጣቸውና ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች የሰውየውን እንዲለዩ ተጠየቁ። የለዩት ከሦስት አንዴ ያህል ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ለሚያነሣ የሚደርሰውን ያህል። እኔ እዚህ የማስረዳው አሠራሩ እንዴት እንደሚነበብ ነው። ማመን አለማመን የራሳችሁ ነው።

ሁለተኛው ቤት፦ ጓዳው

ሁለተኛው ቤት ከአድማስ ሥር፣ ለመውጣት ተራ የያዘው ነው። አንደኛው ሰውየው ከሆነ ሁለተኛው ሰውየው የሚኖርበት ነገር ነው። እህሉ፣ ጥሪቱ፣ ኪሱ፣ በእጁ ያለ የሚንቀሳቀስ ንብረት። መሬትና ቤት እዚህ አይገቡም፤ እነሱ የአራተኛው ናቸው። የሚበደሩት፣ የሚወረሰው፣ የባል ወይም የሚስት ገንዘብም እዚህ የለም፤ እሱ ፊት ለፊት፣ ስምንተኛው ውስጥ ነው። ሁለተኛው «የኔ» ብለው ኪስ የሚከቱት ብቻ ነው።

የጥንት ግሪኮች ግን ለዚህ ቤት ደስ የማይል ስም ነበራቸው፦ «የሲኦል በር»። ለገንዘብ ቤት! ምክንያታቸው ሒሳባዊ ነው። በእነሱ አሠራር አንድ ኮከብ ሌላውን «የሚያየው» በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ወይም በስድስት ኮከብ ርቀት ሲሆን ነው። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ አይተያዩም፤ አምስት ኮከብ የተራራቁም እንዲሁ። ከአንደኛው ተነሥታችሁ ብትቆጥሩ እሱን የማያዩት ቤቶች አራት ናቸው፦ ሁለተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛውና ዐሥራ ሁለተኛው። ስድስት የበሽታና የድካም፣ ስምንት የሞት፣ ዐሥራ ሁለት የእስርና የስውር ጠላት የሆኑት ለዚህ ነው። ከአራቱ ሁለተኛው ይሻላል፣ ምክንያቱም ቢያንስ ወደ አንደኛው እየወጣ ነው። ግን ያው ከመሬት በታች፣ ከጨለማው በኩል። ይህን ያህል የሚያሳምን የቤቶች ማብራሪያ ሌላ አላገኘሁም፤ የቤቶቹን ትርጉም እንደ ጸሎት ከመሸምደድ ያድናል።

ወደ ባዶው ቤት እንመለስ። ጓደኛዬ ሁለተኛ ቤቷ ሸርጣን ነው፣ ውስጡ ማንም የለም። ይህ «ገንዘብ የለሽም» ማለት አይደለም። ቁጥሩን ብቻ እዩት። የጥንቶቹ ሰባት፣ አሁን የተጨመሩት ኡራነስ፣ ኔፕቱንና ፕሉቶ ሦስት፤ በድምሩ ዐሥር። ቤቶቹ ዐሥራ ሁለት። እያንዳንዱ ለብቻው ቢቀመጥ እንኳ ሁለት ቤት ባዶ ይቀራል። የእሷ ላይ አምስት ባዶ አሉ፣ አንደኛው፣ ሁለተኛውና ዐሥረኛው ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ሰውነትም ኪስም ሥራም አላት።

ተከራይ የሌለው ቤት ሲያጋጥም ባለቤቱን መፈለግ ነው። የሸርጣን ባለቤት ጨረቃ ናት። ጨረቃ ያን ቀን ጀዲ ውስጥ ነበረች። ከገውዝ ስትቆጥሩ ጀዲ ስምንተኛ ነው። የራሷ ገንዘብ ባለቤት በሌሎች ገንዘብ ቤት ገባች ማለት ነው። ንባቡ፦ ገቢዋ ከሌላ ሰው ኪስ ጋር የተጠላለፈ ነው፤ በብድር፣ በውርስ፣ በጋራ ሒሳብ በኩል ይመጣል ወይም ይሄዳል። ጨረቃ ደግሞ የምትሞላና የምትጎድል ስለሆነች ገንዘቡም አንድ ላይ አይቆምም። ጓደኛዬ ዝም ብላ ቆየችና «ደሞዜን እቁቡ ነው የሚበላው» አለች።

ዐሥረኛው ቤት፦ አደባባዩ

ቀን 6 ሰዓት አካባቢ የተወለደ ሰው ፀሐዩ ዐሥረኛው ቤት ወይም አጠገቡ ናት። ዐሥረኛው የሰማዩ ጫፍ ነው። ስክሪኑ ላይ MC የሚለው ነጥብ የፀሐይ መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናታችን በኩል የሚያልፈውን መስመር የሚያቋርጥበት ነው። ማንም ቀና ብሎ የሚያየው ቦታ ስለሆነ ትርጉሙም እንደዚያው ነው። ሰው የሚያውቅህ በምንድን ነው? ስምህ ሲነሣ ከኋላው የሚከተለው ሥራ፣ ማዕረግ፣ ሹመት ምንድን ነው? ከበላይህ ያለው አለቃ፣ መንግሥትም እዚሁ ይታያል።

ጀማሪ ዐሥረኛውን ከሁለተኛው ጋር ሁሌ ያደባልቃል፣ ሥራና ገንዘብ አንድ ስለሚመስሉ። ሁለት ሰው አስቡ። አንዱ የገጠር መምህር ነው። ወረዳው ሁሉ «የኔታ» ብሎ ይነሣለታል፣ ኪሱ ግን ወር አይደርስም። ሌላው መርካቶ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ነጋዴ ነው። ስሙን ከጎረቤቱ ሱቅ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ገንዘቡ ግን ሞልቷል። የመምህሩ ዐሥረኛው ይናገራል፣ የነጋዴው ሁለተኛው። ስድስተኛው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ልፋቱ ነው፣ ጠዋት ተነሥቶ ታክሲ ተሰልፎ የሚገቡበት የየቀኑ ድካም። አንድ ሥራ ሦስቱንም ይነካል፣ ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም።

ጓደኛዬ ዐሥረኛ ቤቷ ሑት ነው። ባለቤቱ ጁፒተር ሚዛን ውስጥ፣ አምስተኛ ቤት ነው። አምስተኛው የልጆች፣ የደስታ፣ የጨዋታና ሰው ከራሱ የሚፈጥረው ነገር ቤት ነው። ስለዚህ ስሟ የሚነሣው በልጆች ወይም በፈጠራ ሥራ በኩል ነው ተብሎ ይነበባል። የባንክ ሠራተኛ ናት። የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት መዝሙር ታስጠናለች፣ ሰፈሩ የሚያውቃትም በዚያ ነው። እዚህ ላይ ተስማምቷል፤ ባይስማማ ኖሮ ደግሞ አንባቢው ሌላ መንገድ አያጣም ነበር።

ሁለት አፕ፣ ሁለት መልስ

አንድ ቀን በሁለት አፕ ትሞክሩና ፀሐያችሁ አንዱ ላይ ዐሥራ ሁለተኛ፣ ሌላው ላይ ዐሥራ አንደኛ ቤት ትሆናለች። አፑ አልተበላሸም። ቤቶቹን የሚቆርጡበት መንገድ ይለያያል። አንዱ ስክሪን ላይ Whole Sign ይላል፤ የሚወጣው ኮከብ ሙሉውን አንደኛ ቤት ይሆናል፣ ቀጣዩ ሙሉውን ሁለተኛ፣ እያለ ይሄዳል። እስካሁን የተጠቀምኩት እሱን ነው። ሌላው Placidus ይላል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን በነበረ ፕላሲደስ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ ስም የሚጠራ ነው። እሱ የሚቆርጠው በጊዜ ነው። ከአድማስ እስከ ሰማይ ጫፍ ለመውጣት የሚፈጀውን ሰዓት ለሦስት ይከፍላል።

የጓደኛዬ ፀሐይ ይህን ጥሩ አድርጋ ታሳያለች። ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት ከሃያ ምናምን ደቂቃ ሆኗታል። ከመውጫዋ እስከ እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ነው፣ ሲሶው ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ። ስለዚህ በፕላሲደስ ዐሥራ ሁለተኛውን ቤት ጨርሳ ዐሥራ አንደኛው ገብታለች። በሙሉ ኮከብ ግን ሠውር ዐሥራ ሁለተኛ ስለሆነ እዚያው ናት። አንዱ «የብቸኝነት ፀሐይ»፣ ሌላው «የወዳጅ ፀሐይ» ይላታል። ለጀማሪ የምመክረው ሙሉ ኮከቡን ነው። በጣት ይቆጠራል፣ የትም አገር ይሠራል። ፕላሲደስ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጠጉ ይፈርሳል፤ ፀሐይ ለወራት የማትወጣበትና የማትጠልቅበት አገር የሚከፈል ሰዓት የለም።

የቀሩትን ቤቶች በትይዩአቸው ያዟቸው፣ ይቀልላል። አንደኛው እኔ ከሆነ ሰባተኛው አንተ ነው፤ የትዳር ጓደኛ፣ የንግድ ሸሪክ፣ ፊት ለፊት የሚሟገት ባላጋራም። ዐሥረኛው አደባባይ፣ አራተኛው እልፍኝ፤ ወላጅ፣ ርስት፣ የትውልድ ቤት። ሦስተኛው ቅርቡ፣ ወንድምና እህት፣ ጎረቤት፣ አጭር መንገድ፤ ዘጠነኛው ሩቁ፣ ባሕር ማዶ፣ ሃይማኖት፣ ከፍተኛ ትምህርት። ዲሲና ዱባይ ያሉ ዘመዶቻችን አፑን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ዘጠነኛውን ነው። አምስተኛው ልጅና ደስታ፣ ዐሥራ አንደኛው ወዳጅና ተስፋ። ሁለተኛና ስምንተኛን አይተናል። ስድስትና ዐሥራ ሁለትንም ቢሆን ከላይ ነካክተናቸዋል።

ሰዓቱን በትክክል የማያውቅ ሰውስ? «ቅዳሴ ሲወጣ»፣ «ከብት ሲገባ» የተባለ ልደት ብዙ ነው። ያኔ ሊሆን ከሚችለው ሰዓት ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ሁለት ገበታ አውጡ። የሚወጣው ኮከብ በሁለቱም አንድ ከሆነ ቤቶቹን መጠቀም ይቻላል። ከተለያየ ቤቱን ተዉት፣ ኮከቡን ብቻ ያዙ። በሕይወት ከተፈጸመ ነገር ወደ ኋላ ተነሥተው ሰዓቱን «የሚያስተካክሉ» አሉ፤ እኔ ልብሱ እንዲሆን ሰውየውን እንደመቁረጥ ይመስለኛል።

ለጓደኛዬም ይህንኑ አደረግን። ገውዝ ያን ጠዋት መውጣት የጀመረው 1 ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው። ያለቀው 3 ሰዓት ሊሆን ሦስት አራት ደቂቃ ሲቀረው። 2 ሰዓት ተኩል መሐሉ ሳይሆን ወደ መጨረሻው የተጠጋ ነው። ግማሽ ሰዓት ወደፊት ከተገፋ የሚወጣው ሸርጣን ይሆናል። አሰድ ሁለተኛ ቤት ይሆናል፣ አሰድ ውስጥ ደግሞ ያን ቀን ማርስ ነበር። ቬነስ የወጣችበት ጓዳ ማርስ ሊገባበት ነው!

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ደወለች።

«እማዬ፣ እኔን ስትወልጂ ሰዓት አይተሽ ነበር?»

«ሰዓት የማይበት ፋታ ነበረኝ እንዴ! አባትሽ ቁርስ ይዞ የመጣው ሁለት ተኩል ላይ ነው፤ እሱን አስታውሳለሁ።»

«ሲመጣ ተወልጄ ነበር?»

«ቆይ እስቲ...» አሉ እናቷ። ከበስተኋላ ሬዲዮ ይሰማል። «ሲመጣ በር ላይ ያቆሙት ይመስለኛል።»